ልጆቹ «ለማኅበሩ ድረ ገጽ ይከፈት» ሲሉ

በገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። ማዳበሪያው መቼ ይገባል? የመጋዘኑ ጣሪያ መቼ ይጠገናል? የትርፍ ክፍፍሉስ? ተምረው የተመለሱ ልጆች ግን አንዳንዴ ሌላ ወረቀት ይዘው ይቀርባሉ፦ «ማኅበሩ ድረ ገጽ ይኑረው፤ ወጪውንም ይሸፍን፤ ያስተዳድረውም።»

ወረቀቱን ተቀብለው የሚወስኑት የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት የእነዚሁ ልጆች አባቶች፣ እናቶችና አያቶች ናቸው። የልጅን ሐሳብ ማጣጣል ይከብዳል፤ በማያውቁት ነገር ላይ የአባላትን ገንዘብ ማውጣትም እንዲሁ። ደግነቱ ወረቀቱን ለመመዘን ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። የወፍጮ ቤትን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ማስላት ይችላል።

ለምሳሌ ሮብ ገበያን እንውሰድ። ከተማዋ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ በስናን ወረዳ ትገኛለች፤ አካባቢው ድንች፣ ገብስና ስንዴ የሚመረትበት ደጋ ነው። እዚያ በለጠና ጉደኔ የተባሉትን የዘር ድንች ዝርያዎች የሚያመርት አንድ ማኅበር አለ እንበል። ልጆቹ ያቀረቡት ወረቀት 52,000 ብር ይጠይቃል፦ ለማሠሪያ 40,000፣ ለስምና ለማስቀመጫ ኪራይ 12,000። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በሁለተኛው ዓመትስ?» የሚል ነው። የድረ ገጽ ስም አይገዛም፤ በየጊዜው እየታደሰ ይከራያል። ክፍያው ካለፈ ገጹ ይዘጋል፤ ከቆየ ደግሞ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ከዚህ ሌላ ዋጋና መጠን እየለወጠ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ለእሱ በወር 1,500 ብር ቢከፈል በዓመት 18,000 ይሆናል፤ ለስልክና ለዳታ 6,000 ይጨመር። የዓመቱ ወጪ 36,000 ደረሰ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ማሠሪያውን ጨምሮ 148,000 ብር ይሆናል። ወረቀቱ የጠየቀው የዚህን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ልጆቹ ሊያታልሉ ፈልገው አይደለም፤ መሥራቱን እንጂ ማቆየቱን ስላላሰቡት ነው።

የኪራዩ ክፍያ ሌላም ጣጣ አለው። ውጭ አገር ካለ ድርጅት የሚከራይ ስም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ኪራይ በዛሬ ብር መያዝ አያዋጣም። ከኢትዮ ቴሌኮም የሚገኘውና በ.et የሚያልቀው ስም ግን በብር ስለሚከፈል ለማኅበር ይቀላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «በማን ስም?» ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ የውጭ መክፈያ ካርድ ስለሌለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይከፍላል፤ ስሙም በዘመዱ ይመዘገባል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የሠራው ልጅ ብቻ ይሆናል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም በእሱ ስልክ ይገባል። ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ማኅበሩ የገዛ ቤቱን ቁልፍ ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስሙም ሲም ካርዱም በማኅበሩ ይመዝገቡ። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ከማኅተሙ ጋር በካዝና ይቀመጥ፤ ኃላፊ ሲለወጥ እሱም ይለወጥ። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ሦስተኛው ጥያቄ «ማን ያነበዋል?» የሚል ነው። አባላቱ ናቸው ከተባለ መልሱ አያሳምንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። አባላት መረጃ የሚያገኙት ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከስልክ ጥሪና ከስብሰባ ነው፤ ይህንን ድረ ገጽ አይተካውም። አንባቢው ሩቅ ያለ ገዢ ከሆነ ግን ሐሳቡ ትርጉም አለው። የዘር ድንች ገዢ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ዝርያው፣ በእጅ ያለው ኩንታል፣ የተቆፈረበት ወር፣ የዘር ቁጥጥሩ ውጤት፣ ዋጋውና የሚደወልበት ስልክ። እነዚህ በአንድ ገጽ ያልቃሉ። የአባላት ፎቶ፣ የልጆቻቸው ስምና የቤታቸው ስልክ እዚያ ላይ ምንም አይሠራም።

ይህ አንድ ገጽ ካልታደሰ ግን ከሌለው ይብሳል። ድንቹ በታኅሣሥ ተሸጦ አልቆ ገጹ በየካቲትም «300 ኩንታል አለን» ቢል፣ ገዢው አይሱዙ ተከራይቶ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። ያ ሰው ዳግመኛ አይደውልም፤ ለሌሎችም ይናገራል። ስለዚህ ከመጋዘን በወጣ ቁጥር ገጹ ላይ የሚቀንሰው ሰው ማን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ በስም መጻፍ አለበት። የሚቀለው የመጋዘን ወጪ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሠራተኛ እንዲሆን ነው። ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ደግሞ በየሦስት ወሩ ገጹን አስከፍቶ ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር ያመሳክር።

የመጨረሻው ጥያቄ «ምን ያህል ብንሸጥ ወጪያችንን ይመልሳል?» ነው። 148,000 ብር ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 49,000 ብር ያልፋል። ማኅበሩ ለደላላ ከሚሸጠው ይልቅ በቀጥታ ለገዢ ሲሸጥ በኩንታል 200 ብር ቢጨምርለት፣ ወጪው የሚመለሰው በየዓመቱ 250 ኩንታል ገደማ በገጹ በኩል ሲሸጥ ነው። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ አምስት ምልልስ ማለት ነው። አምስት መኪና ሙሉ አዲስ ገዢ ይመጣል ወይ? ኮሚቴው ስለ ኮምፒውተር ባያውቅም ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል።

መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ «አይሆንም» ብሎ ወረቀቱን መመለስ ብቻ አይደለም ምርጫው። ልጆቹ አንድ የሽያጭ ወቅት ያህል በማኅበሩ ሲም ካርድ የተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ይያዙ፤ ወጪው ከዳታ አያልፍም። ለሚደውል ገዢ ሁሉ «ከየት ሰሙ?» ተብሎ መልሱ በደብተር ይጻፍ። ደብረ ማርቆስ ያለው የጎዛምን ዩኒየን ለአባል ማኅበራቱ የጋራ ገጽ ሊይዝ ይችል እንደሆነም ይጠየቅ፤ አንድ ኪራይ ለብዙ ማኅበር ሲካፈል ሒሳቡ ይለወጣል።

ደብተሩ ገዢ እንዳለ ካሳየ፣ ወጪው በሐምሌ በሚጀምረው የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ፣ የሦስቱ ዓመት ወጪ ሙሉ ድምሩ ለአባላት ይነበብላቸው። ልጆቹም 52,000 ያሉትን ወረቀት 148,000 ብለው፣ የሚያድሰውንም ሰው በስም ጠርተው ይመልሱት። ያኔ ኮሚቴው የሚወስንበት ነገር በእጁ ይኖረዋል።