ድምሩ የሸሸገው ነገር፦ ለአዲስ ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ሐተታ

በአሜሪካ አገር የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በርክሊ፥ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በድኅረ ምረቃ ቅበላው ሴቶችን ስለ በደለ ተከሶ ፍርድ ቤት ቆመ የሚል ወሬ፥ ከአንዱ አሠልጣኝ ወደ ሌላው እየተላለፈ፥ መርማሪ በማጣቱ ብቻ እንደ እውነት ጸንቶ ይኖራል። ክስ አልተመሠረተም፤ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ራሳቸው በቍጥሩ ደንግጠው፥ ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይደርስ አስመረመሩት እንጂ። ኮምፒዩተር በየሳምንቱ ሠርቶ የሚልክለትን ሪፖርት እያነበበ ሊፈርድ የተሾመ ሰው ከዚህ ምርመራ የሚማረው ብዙ ስለሆነ፥ ታሪኩን አቅንቶ መንገር ይገባል።

እንዲህ ባለ ሪፖርት ስለሚገኙት ስሞች ረጅም ትንታኔ አያስፈልግም። የሚቈጠረው ወይም የሚሰላው መጠን ሜትሪክ ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ሜትሪኩ ካመለከቱት መካከል የተቀበሉት ስንት በመቶ እንደሆኑ ነው። ያ መጠን የሚከፋፈልበት ወገን፥ ጾታም ሆነ የትምህርት ክፍል፥ ዳይሜንሽን ነው። ከሜትሪኮች መካከል ተመርጦ፥ ግብና የጊዜ ገደብ ተቈርጦለት፥ አንድ ሰው ኀላፊነቱን የተሸከመለት ደግሞ ኬፒአይ ይባላል። ስለዚህ ኬፒአይ ሁሉ ሜትሪክ ሲሆን፥ ሜትሪክ ሁሉ ግን ኬፒአይ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ካመለከቱት 8442 ወንዶች 44 በመቶው፥ ከ4321 ሴቶች ደግሞ 35 በመቶው ተቀባይነት አገኙ። ሪፖርቱ ጾታን ብቻ ዳይሜንሽን አድርጎ ቢያቀርብ፥ አንባቢው አድልዎ አለ ብሎ ለመፍረድ አይዘገይም። ቢክል፥ ሐመልና ኦኮኔል የተባሉ ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሁለተኛ ዳይሜንሽን፥ የትምህርት ክፍልን፥ ጨመሩበት።

በፊደል ብቻ ከሚጠሩት ስድስት ትልልቅ ክፍሎች ሁለቱን እንይ። በክፍል «ኤ» ካመለከቱት 825 ወንዶች 512ቱ፥ ማለት 62 በመቶው፥ ከ108 ሴቶች ደግሞ 89ኙ፥ ማለት 82 በመቶው ገቡ። መግቢያው እጅግ ጠባብ በሆነው በክፍል «ኤፍ» ከ373 ወንዶች 22ቱ፥ ከ341 ሴቶች 24ቱ ገቡ፤ ይህም ለወንዶቹ 6፥ ለሴቶቹ 7 በመቶ ያህል ነው። በሁለቱም ክፍል ሴቶቹ ይበልጣሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ግን ወንዶቹ 45፥ ሴቶቹ 25 በመቶ ሆነው ይገኛሉ።

ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም። የድምሩ መቶኛ የክፍሎቹ መቶኛ አማካይ ቢሆንም፥ እያንዳንዱ ክፍል የሚመዝነው ባመልካቾቹ ብዛት ነው፤ ከወንዶቹ አብዛኞቹ መግቢያው ወደ ሰፋው፥ ከሴቶቹ አብዛኞቹ መግቢያው ወደ ጠበበው ክፍል ስላመለከቱ፥ ድምሩ የመራጮቹን ፍርድ ከአመልካቾቹ ስርጭት ጋር ቀላቅሎ አንድ ቍጥር አድርጎ አወጣው። መለያየቱም ቀላል ነው፤ የሴቶቹን መቶኛ በየክፍሉ እንዳለ ትተን፥ አመልካቾቻቸው እንደ ወንዶቹ ተሰራጭተው ቢሆን ኖሮ ብለን ብናሰላ፥ 25 በመቶ የነበረው 59 በመቶ ይሆናል። እርስዎም የወሩ መቶኛ ሲወርድ በማንም ላይ ከመቈጣትዎ በፊት፥ ያለፈውን ወር ስርጭት አጽንተው በአዲሱ ወር የክፍል መቶኛዎች ያስሰሉት፤ ውድቀቱ ከጠፋ፥ የተለወጠው ሥራው ሳይሆን የመጣው ጉዳይ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ግን እኛ ስታቲስቲክስ የምንወድ ሰዎች ከምናውቀው በላይ እንዳንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። ከስድስቱ ትልልቅ ክፍሎች በሁለቱ ሴቶቹ በጥቂቱ ያንሳሉ። ደግሞም በየክፍሉ እኩል መመረጥ፥ ሴቶቹ ወደ ጠባቡ መግቢያ የተመሩበት ምክንያት ከበደል ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በደሉ ከማመልከቻው በፊት ሊሆን ይችላል። የትኛው ዳይሜንሽን መጨመር እንዳለበትም ቍጥሩ ራሱ አይናገርም፤ ጉዳዩ በምን መንገድ እንደሚካሄድ የሚያውቅ ሰው ነው የሚወስነው፤ በዚህም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አሁን ይህንኑ ሜትሪክ ኬፒአይ እናድርገው፤ የሴቶቹ ቅበላ በዓመት ውስጥ ከ25 ወደ 45 በመቶ ይድረስ ተብሎ ለአንድ ሹም ግዴታ ይሰጠው እንበል። ሹሙ አንዲት ተማሪ ሳይጨምር፥ ሴቶች ወደ ክፍል «ኤፍ» እንዳያመለክቱ ቢያስቀር ብቻ፥ መቶኛው 82 ይሆናል፤ የተቀበሉት ግን ከ113 ወደ 89 ይወርዳሉ። ሪፖርቱም ግቡ መሞላቱን በአረንጓዴ ቀለም ያበሥራል። ስለዚህ በመቶኛ የተጻፈ ኬፒአይ ሲቀርብልዎ፥ ያመለከቱትና የተቀበሉት በየክፍሉ በቍጥር ከጎኑ እንዲጻፉ ሳያዝዙ አይፈርሙበት።