ገመዱ ሳይሆን ቀዳዳው

ስልኩ አብሮት በመጣው ቻርጀር ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላ ቆይቶ፣ አሁን ማታ ተሰክቶ አድሮም ጠዋት ሙሉ አይሆንም። ቻርጀሩ ያው ነው፤ ገመዱም ከካርቶኑ የወጣው ኦርጂናሉ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገመዱን ነው፤ እሱ ተቀይሮ ካልተሻለ ደግሞ ባትሪውን። ለሁለቱም ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ስልኩ ግርጌ ያለችውን ቀዳዳ በሌላ ስልክ መብራት አጮልቆ ማየት ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ በግርጌው ቀዳዳ የጨርቅ ጉድፍ ይሰበስባል። ጉድፉ ሲገባ ልል ስለሆነ ምንም አያደርግም። ችግሩን የሚፈጥረው ራሱ ገመዱ ነው፤ በተሰካ ቁጥር ጉድፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ይጠቀጥቀዋል። ወራት ሲያልፉ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል፤ የገመዱም ጫፍ እስከ መጨረሻው መግባት ያቅተዋል። ከውጭ ሲያዩት የተሰካ ይመስላል፤ ስልኩም “Charging” ይላል። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው።

ጥቂት ጎድሎ መግባቱ ለምን ፍጥነቱን ይህን ያህል እንደሚጥለው ለመረዳት ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዛሬዎቹ ስልኮች የተለመደው ታይፕ ሲ ቀዳዳ መሃሉ ላይ ቀጭን ምላስ አለችው፤ በምላሷ ላይና ታች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ በድምሩ 24 ፒኖች ተደርድረዋል። ኃይል የሚያስተላልፉት ፒኖች ከተወሰኑት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ መልእክት ያመላልሳሉ፤ ስልኩና ቻርጀሩ “ምን ያህል ልትሰጠኝ ትችላለህ?” “ይህን ያህል” የሚባባሉት በእነሱ በኩል ነው። አሠራሩ ደግሞ ገመዱ ሲገባ የኃይሎቹ ፒኖች ቀድመው፣ የመልእክቶቹ ዘግይተው እንዲነኩ ተደርጓል። ስለዚህ ጫፉ እስከ መጨረሻው ካልገባ ኃይሉ ያልፋል፣ ንግግሩ ግን ሊቋረጥ ይችላል። ቻርጀሩ ስንት መስጠት እንደሚችል ያልሰማ ስልክ ለጥንቃቄ ሲል በትንሹ ይወስናል።

የትንሹን ልክ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 5000 ሚሊአምፒር የሚባለው ባትሪ የሚይዘው ኃይል ወደ 19 ዋት-ሰዓት ነው። ስልኩ ከቻርጀሩ ጋር ተግባብቶ 15 ዋት ሲወስድ፣ በሙቀት የሚባክነውና መጨረሻ ላይ ሆን ብሎ የሚዘገየው ተጨምሮበት፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ሳይግባባ ሲቀር ግን የሚወስደው 5 ቮልት በግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ሊሆን ይችላል። 19ን ለ2.5 ስናካፍል ብክነቱ ሳይታሰብ እንኳ ሰባት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ስልኩ በርቶ እየሠራበት ከሆነማ መሙላቱም ያጠራጥራል።

ይህ ዓይነቱ ዝግመት ጎልቶ የሚታየው ቻርጀሩ ላይ የሚሰካው ጫፍ የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ነው፤ ያኛው ቻርጀር ሳይጠየቅም 5 ቮልት ይለቃል። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ግን መልእክቱ ካልደረሰ ቻርጀሩ ምንም አይለቅም፤ ስለዚህ በጉድፍ የተደፈነ ስልክ በእሱ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ወይም ያዝ ለቀቅ ያደርጋል።

ሰፈራችን ውስጥ ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ስልካቸውን የሚይዙት በሱሪ ኪስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ይውላሉ። ስልካቸው ሲዘገይባቸው ኦርጂናሉን ገመድ ጥለው አዲስ ገዙ፤ አልተሻለም። ጥገና ቤት የወሰዱት ባትሪ ለማስቀየር ነበር። ልጁ ግን ሁለቱንም ገመድ ተቀብሎ መጀመሪያ ኦርጂናሉን በራሱ ስልክ ላይ ሰካው፤ ቀጭ ብሎ ገባ፣ “Fast charging” የሚለው ወጣ። ያንኑ ገመድ ወደ እሳቸው ስልክ ሲያዞረው ቀጭ አላለም፤ ከስልኩ ጠርዝና ከገመዱ ፕላስቲክ መሃል የብረቱ ብልጭታ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይታይ ነበር።

“ጋሼ፣ ገመዱ ምንም አልሆነም፤ ስልክዎ ነው አላስገባ ያለው።”

“ቀዳዳው ጠቦ ነው እንዴ?”

“አልጠበበም፣ ተደፍኗል።”

ስልኩን አጥፍቶ፣ ስቴኪኒ በምላጭ አሳስቶ፣ ከምላሷ ርቆ በቀዳዳው ግድግዳ ጥግ ጥጉን ወደ ውጭ መጫር ጀመረ። መጀመሪያ የወጣው ልል ግራጫ ጉድፍ ነበር፤ ከዚያ ከማዕዘኑ የምስር ክክ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ተላቃ ወጣች። በጣቱ ሲበትናት ሰማያዊና ነጭ ክር ናት። ገመዱን መልሶ ሲሰካው ቀጭ አለ።

ልጁ ያደረገው ምርመራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነው። ገመዱና ቻርጀሩ በሌላ ስልክ በፍጥነት ከሞሉ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ቀጥሎ የስልኩን ከቨር ማውለቅ ነው፤ ወፍራም ከቨርም የገመዱን ፕላስቲክ ጠርዙ ላይ አስቁሞ ልክ እንደ ጉድፍ ያደርጋል። ከቨሩ ወልቆም ገመዱ ቀጭ ካላለ፣ ስልኩን ወደ ላይ ሲያነሡት በራሱ ክብደት ከወደቀ፣ ወይም ሲነካኩት እየሞላ ሲተዉት ካቆመ፣ ቀዳዳው ውስጥ የተጋገረ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ከ80 በመቶ በኋላ ብቻ የሚመጣ ዝግመት ግን የስልኩ ጤነኛ ጠባይ ነው፤ ጉድፍ አይደለም።

በማጽዳቱ ላይ የምፈራው መርፌና ወረቀት መያዣ ሽቦን ነው። ብዙ ሰው እጁ ላይ ያገኘውን ሹል ነገር ይሰዳል፤ ብረት ግን ፒኖቹን ይቧጥጣል፣ ሁለቱን አገናኝቶም ሊያቃጥል ይችላል። ምላሷም ቀጭን ስለሆነች በጎን ከተጫኗት ትሰበራለች፤ ያኔ በነጻ የሚያልቀው ሥራ ቀዳዳ ማስቀየር ይሆናል። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፣ ስልኩ ይጥፋ፣ እንቅስቃሴው ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። በአፍ እፍ ማለትም አይረዳም፤ የተጠቀጠቀው አይነቃነቅም፣ የትንፋሹ እርጥበት ግን ይገባል። ስቴኪኒው ውስጥ ተሰብሮ እንዳይቀር ደግሞ ሲያሳሱት ከልክ በላይ አያቅጥኑት።

ጉድፉ ወጥቶ ገመዱም ቀጭ ብሎ ስልኩ አሁንም የሚያዘግም ከሆነ፣ ወይም ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወይም የጠቆረ ነገር ከታየ፣ ነገሩ ከስቴኪኒ አልፏል። በብዙ ስልኮች ቀዳዳው ከዋናው ቦርድ ተነጥሎ በትንሽ ቦርድ ላይ ስለሚሠራ መቀየር ይቻላል። ገበያ ላይ ካሉት መለወጫ ቦርዶች ግን አንዳንዶቹ ስልኩን ይሞሉታል እንጂ ፈጣኑን ቻርጅ አይደግፉም። ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ ኦርጂናሉን ቻርጀርና ገመድ ይዘው ይሂዱ፤ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሰክተው “Fast charging” የሚለው መውጣቱን ይዩ።