የማይስማሙ ጥናቶች በአንድ ገጽ

አርባ ጽሑፍ ያለበት የንባብ ዝርዝር የተሰጠው የማስተርስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ማጠቃለያ ይጽፋል። አርባ አንቀጽ ይወጣል፤ የትኛው ጥናት ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭና ለምን እንደሚጋጭ ግን አይታይም። ይህ የሚታየው ሁሉም ጥናቶች ለአንድ ዓይነት ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጡ ሲደረግ ነው። የንጽጽር ሠንጠረዥ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

በሕዝብ ጤና ትምህርት የታወቀ አንድ ክርክር እንውሰድ፦ በአገራችንም ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ሞትን ይቀንሳል ወይ? በጉዳዩ ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች አራቱ እነሆ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. የታተሙባቸው ናቸው።

| ቦታና ዓመት | ዕድሜ | የተሰጠው መጠን | ንጽጽሩ ከማን ጋር | የሞት ምጥጥን |
|---|---|---|---|---|
| አቼህ፣ ኢንዶኔዥያ 1986 | 12–71 ወር | 200,000 ዩኒት በ6 ወር | ምንም ካልተሰጣቸው | 0.66 (ከሞት ቁጥር የተሰላ) |
| ታሚል ናዱ፣ ሕንድ 1990 | 6–60 ወር | 8,333 ዩኒት በየሳምንቱ | ቫይታሚን ኢ ብቻ ከተሰጣቸው | 0.46 (0.30–0.71) |
| ሱዳን 1992 | 9–72 ወር | 200,000 ዩኒት በ6 ወር | ቫይታሚን ኢ ብቻ ከተሰጣቸው | 1.06 (0.82–1.37) |
| ኡታር ፕራዴሽ፣ ሕንድ 2013 | 1–6 ዓመት | 200,000 ዩኒት በ6 ወር | ቫይታሚን ኤ ካልተሰጣቸው | 0.96 (0.89–1.03) |

አምዶቹ የሚመረጡት ከጥያቄው ተነስቶ ነው። እርስ በርስ በጣም የሚለያዩ ሦስት አራት ጽሑፎችን አስቀድሞ ማንበብ፣ አምዶቹን በእነሱ ላይ መሞከር፣ ከዚያ የቀሩትን መሙላት ይሻላል። ጽሑፉ ያልተናገረው ነገር ሲኖር «አልተገለጸም» ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ የተተወ ክፍል ግን ተማሪው ረስቶት ይሁን ጽሑፉ ሳይናገር ቀርቶ አይለይም። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ገጽ እንደተወሰደም አጠገቡ ይመዝገብ።

ብዙ ስህተት የሚገባው በውጤቱ አምድ ነው። የአቼህ ጽሑፍ ቫይታሚኑ ባልተሰጠባቸው መንደሮች ሞት በ49 በመቶ ይበልጥ ነበር ይላል። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ጥናት 34 በመቶ ቅናሽ አሳየ እያሉ ይጠቅሱታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከተሰጣቸው 10,919 ሕፃናት 53 ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 10,231 ደግሞ 75 ሞተዋል፤ ይህም ከሺህ 4.9 እና 7.3 ማለት ነው። 7.3ን ለ4.9 ብናካፍል 1.49፣ ገልብጠን ብናካፍል ደግሞ 0.66 ገደማ ይመጣል። ተማሪው አንዱን ጽሑፍ በጭማሪ፣ ሌላውን በቅናሽ ከመዘገበ ንጽጽሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ይለወጣሉ። እዚህ 1 ልዩነት የለም ማለት ሲሆን ከ1 በታች ያለው የሞት ቅናሽ ነው።

ሁለተኛው ስህተት አብስትራክቱ ላይ ያለውን «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ወስዶ «አይሠራም» ብሎ መመዝገብ ነው። ሱዳንና ኡታር ፕራዴሽ ሁለቱም ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። በቅንፍ ያሉት ወሰኖች ግን የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የሱዳኑ ወሰን ከ18 በመቶ ቅናሽ እስከ 37 በመቶ ጭማሪ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥናቱ ብዙም አልወሰነም። ወደ አንድ ሚሊዮን ሕፃናት የተካፈሉበት የኡታር ፕራዴሽ ጥናት ግን ቅናሽ ቢኖር እንኳ ከ11 በመቶ ብዙም እንደማይበልጥ ያመለክታል። ወሰኑ ካልተመዘገበ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ቁጥሮቹ ከተሞሉ በኋላ ሠንጠረዡ ከላይ ወደ ታች በየአምዱ ይነበባል፤ ማስታወሻውም የሚጻፈው ያኔ ነው። «ጥሩ ጥናት» የሚል ማስታወሻ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው አንዱን ረድፍ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽረው ነው። ለምሳሌ ለታሚል ናዱ፦ «ከአራቱ በየሳምንቱ የሰጠው ይህ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች በየሳምንቱ ስለተጎበኙ ልዩነቱን ያመጣው ጉብኝቱ ራሱ አይመስልም።» ለሱዳን፦ «እንደ ታሚል ናዱ ሁሉ ለንጽጽር ቫይታሚን ኢ ሰጥቷል፤ ውጤቱ ግን ተለያይቷል። ስለዚህ የንጽጽር ቡድኑ ዓይነት ብቻውን ክርክሩን አይፈታም።»

ከዚህ ተነስቶ «በየሳምንቱ መስጠት ይበልጣል» ለማለት ያጓጓል። ሠንጠረዡ ግን ያን ያህል አይፈቅድም፤ ታሚል ናዱ ከሌሎቹ በመጠን ብቻ ሳይሆን በቦታና በዘመንም ይለያልና። የሚፈቅደው ቀጣዩን አምድ መሰየም ነው፦ ሕፃናቱ ሲጀመር ምን ያህል ቫይታሚን ኤ ጎድሏቸው ነበር? ለዚህ መልስ ተማሪው ወደ አራቱ ጽሑፎች ይመለሳል፤ በሁለተኛው ንባብ ግን እያንዳንዱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው የመነሻ መረጃው የተቀመጠበትን ክፍል ብቻ ነው።