ተጨማሪ መረጃ፦ የመጀመሪያው የመጠባበቂያ ገንዘብ ስንት ይሁን?

የመጠባበቂያ ገንዘብ መጠን የሚሰላው ከደመወዝ ሳይሆን ከማይቀር ወጪ ተነስቶ ነው። ለምሳሌ በሐይቅ ከተማ በአንድ ደመወዝ የሚተዳደር፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት ያሉበት ቤት እንውሰድ። በወር ለቤት ኪራይ 3,000፣ ለምግብ 6,000፣ ለመብራትና ለማገዶ 1,000፣ ለእናትየው መድኃኒት 1,000 ብር ቢያወጣ፣ የማይቀረው ወጪ 11,000 ብር ይሆናል። ልብስና ድግስ አይቆጠሩም።

ሁለት ደሞዝተኛ ባለበት ቤት አንዱ ሥራ ቢያጣ ሌላው ይደግፋል፤ እዚህ ግን ገቢው ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ የሦስት ወር ወጪ፣ ማለትም 33,000 ብር፣ ዝቅተኛው ግብ ነው። ይሁንና በወር 1,500 ብር ብቻ የሚተርፈው ሰው እዚያ ለመድረስ 22 ወር ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ግብ የአንድ ወር ወጪና ታማሚን ደሴ ወስዶ ለማሳከም የሚበቃ፣ ለምሳሌ 4,000 ብር ቢሆን ይሻላል፤ ድምሩ 15,000 ብር በአሥር ወር ይሞላል።

የቀብርን ወጪ ቅሬው ስለሚጋራ በዚህ ሒሳብ አይገባም። ዕቁብ ግን፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ መጠባበቂያን አይተካም። በምርት ወቅት የተሸመተ እህል ጎተራ ውስጥ ካለ የምግቡ ድርሻ ይቀነሳል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ስለሆነም የሁለት ሳምንት ወጪ ያህሉ በጥሬ ገንዘብ እቤት ይቀመጣል። የእህል ዋጋ ሲጨምር ስሌቱ እንደገና ይሠራል።