ሥዕልን ከፊልም ጋር የሚያዋህድ ሙያ

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት» ፊልም ውስጥ መርማሪው ኤዲ ቫሊያንት ከጥንቸሉ ከሮጀር ጋር በካቴና ተቆራኝቷል። በአንድ መጠጥ ቤት ጓዳ ካቴናውን በመጋዝ ሊቆርጥ ሲታገል ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መብራት በጭንቅላቱ ይገጨዋል። መብራቱ ሲወዛወዝ የክፍሉ ጥላ ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል፤ በጥንቸሉ ላይ ያለው ጥላም እንደዚያው። ተዋናዩ ቦብ ሆስኪንስ በካሜራ የተቀረጸ ሰው ነው፤ ሮጀር ደግሞ በእጅ የተሳለ ጠፍጣፋ ሥዕል። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ያስገባቸው ኮምፖዚቲንግ የሚባለው ሙያ ነው፤ ለየብቻ የተዘጋጁ ምስሎችን አነባብሮ አንድ ምስል ማድረግ ማለት ነው። ብዙ ሰው ንብርብሮችን የሚያስማማቸው የአሳሳል ጥራት ወይም የጠርዝ ልስላሴ ይመስለዋል። ይህ ትዕይንት የሚያሳየው ሌላ ነው፦ የሚያስማማቸው ሁሉም ለአንድ መብራት መታዘዛቸው ነው። መብራቱ ባይነካ ኖሮ በሮጀር ላይ የሚያርፈው ጥላ ብዙም ባልተለወጠ ነበር። መብራቱ ስለተወዛወዘ ግን ሠዓሊዎቹ ጥላውን በየፍሬሙ እንደገና መሳል ነበረባቸው፤ ጥላዎቹም ከገጸ ባሕርይው ተለይተው ከተዘጋጁ በኋላ በኦፕቲካል ፕሪንተር ተነባበሩ።

ዛሬ ይኸው ሥራ በኮምፒውተር ይሠራል፤ መርሁ ግን አልተለወጠም። ጥላ በላዩ ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ሳይሆን ከብርሃኑ የተቀነሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ የጥላው ንብርብር Multiply በሚባለው ስልት ከሥሩ ካለው ምስል ጋር ይባዛል። የወለሉ ብርሃን 0.5 ቢሆንና ጥላው 40 በመቶውን ብቻ ቢያሳልፍ ውጤቱ 0.2 ይሆናል፤ የእንጨቱ መስመርም ከጥላው ሥር እንደታየ ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው ወለሉ ላይ ቀድሞውኑ የጠረጴዛ ጥላ ሲኖር ነው። ያው መብራት አስቀድሞ በጠረጴዛው ስለተጋረደ ሮጀር የሚቀንሰው ብርሃን እዚያ የለም። ማባዛቱ በደፈናው ከተደረገ ግን 0.2 ወደ 0.08 ይወርዳል፤ ሁለቱ ጥላዎች በተደራረቡበትም ከክፍሉ ሁሉ የጠቆረ ቦታ ይፈጠራል። ይህን ለመከላከል የቀድሞው ጥላ ያረፈበት ቦታ ከአዲሱ ጥላ ላይ ተከልሎ ይወጣል። ጠርዙም እንዲሁ የራሱ ሕግ አለው፤ ጥላው ከእግር ሥር ሲነሳ ጥርት ያለ ነው፤ ከአካሉ እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል። ከዳር እስከ ዳር እኩል የደበዘዘ ጥላ ገጸ ባሕርይውን ከወለሉ አንስቶ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል።

«ታዲያ ሁሉንም በአንድ ቀለም ነክሮ ከላይ ትንሽ ብዥታና ግሬን መርጨት አይበቃም?» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ግሬን ፊልም ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ ነው። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ሁሉም ንብርብር በእጅ የተሳለ ከሆነ በመጨረሻ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ግሬን መዘርጋት በእርግጥ ያቀራርባቸዋል። ነገር ግን ብርሃኑ ከግራ ጥላውም ወደ ግራ ከሆነ ስሕተቱን የሚሸሽግ ነጠብጣብ የለም። ከሥሩ ያለው በካሜራ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ የራሱ ግሬን አለው፤ በሁሉም ላይ ሲረጭ የወለሉ ነጠብጣብ እጥፍ ይሆንና የሥዕሉ ከእሱ ያነሰ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ግሬኑ የሚጨመረው በሥዕሉ ላይ ብቻ ነው፤ መጠኑና ብርታቱም ከፊልሙ ተለክቶ ይወሰዳል፤ ከፍሬም ፍሬምም መለዋወጥ አለበት። ካልተለዋወጠ ገጸ ባሕርይው በቆሸሸ መስታወት ጀርባ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የሮጀር ፊልም ሠሪዎች የገጠማቸው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በኦፕቲካል ፕሪንተር በተቀዳ ቁጥር ግሬኑ ስለሚጨምር፣ ሥዕል የሚገባባቸውን ትዕይንቶች ፍሬሙ ከተለመደው በእጥፍ በሚበልጥ በቪስታቪዥን ካሜራ ቀረጹ።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ወረቀት ተቆርጦ እንደተለጠፈ መታየትን ሆን ብሎ የሚመርጥ አኒሜሽን አለ፤ እሱ ለምን ጥላ ይቸገራል? አይቸገርም፤ ምክንያቱም ጠፍጣፋነቱ በሁሉም ንብርብሮች ላይ እኩል ነው። ያው ሕግ እዚያም ይሠራል፦ ዓይንን የሚያስቸግረው ጠፍጣፋ መሆን ሳይሆን አንዱ ንብርብር ሕጉን ሲጠብቅ ሌላው መጣሱ ነው። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ተለጥፎ ሲታይ ፍተሻው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ መጀመሪያ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ከእግር ሥር ያለው ጥላ፣ ከዚያ የጥቁሩ ጥልቀት፣ መጨረሻ ላይ ግሬኑ። ከግሬን የጀመረ ሰው ያልታረመ ብርሃን ላይ ነጠብጣብ ሲያስተካክል ይውላል።