አማካዩ የሚደብቀው ጉድለት

መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለክትባት ማቀዝቀዣው መጠባበቂያ ኃይል ሊገዛ ነው እንበል። የቀረቡለት ሦስት አማራጮች ናቸው፦ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ የፀሐይ ኃይል ከነባትሪው፣ ከመስመር መብራት ብቻ የሚሞላ ባትሪ ከነኢንቨርተሩ። ኮሚቴው የሚወስነው አንድ ስላይድ አይቶ ነው።

ስላይዱን የሚያዘጋጀው ሰው ብዙውን ጊዜ «ዋጋ፣ ጥራት፣ አስተማማኝነት» ብሎ ይጀምራል። እነዚህ ገና መስፈርት አልሆኑም። ዋጋ ሲባል የመግዣው ብቻ ነው ወይስ የአምስት ዓመቱ ናፍጣና የባትሪ ቅያሪ ተጨምሮበት? ስለዚህ በረድፉ ላይ «የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ፣ በብር» ተብሎ ይጻፍ። «ጥገና» የሚለውም «ሲበላሽ በአንድ ቀን ውስጥ የሚደርስ ባለሙያ አለ?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጥ። ሦስተኛው ጭስና ድምፅ ይሁን። ይህ ሁሉ የሻጮቹ ዋጋ ማቅረቢያ ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ መስፈርት አስቀድሞ ልብ ወደከጀለው ዕቃ ያዘነብላል።

ቀጥሎ ክብደት ይሰጣል፦ ለወጪ 50 በመቶ፣ ለጥገና 30፣ ለጭስና ድምፅ 20። እያንዳንዱ አማራጭ በየመስፈርቱ ከ5 ነጥብ ይሰጠዋል። ጄኔሬተሩ በወጪ 2፣ በጥገና 5፣ በጭስና ድምፅ 1 ቢያገኝ፣ ፀሐዩ 4፣ 2 እና 5፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ 5፣ 3 እና 5 ቢያገኙ፣ ውጤቱ በቅደም ተከተል 2.7፣ 3.6 እና 4.4 ይሆናል። ኢንቨርተሩ በሰፊው አሸነፈ።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ የኢንቨርተሩ ባትሪ የሚሞላበት ምንጭ የለውም፤ ባትሪው ሲያልቅ ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ ክትባቱም ይበላሻል። በሌሎች መስፈርቶች ያገኘው ጥሩ ነጥብ ይህን አይክስም፤ አማካዩ ግን የካሰው አስመስሎታል። እንዲህ ያለው ነገር በክብደት መመዘን የለበትም። «መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋም ማቀዝቀዣው ይሠራል?» የሚለው ግዴታ ከሠንጠረዡ አናት ላይ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ይመለስ። «አይ» ያለው አማራጭ ከውድድሩ ይወጣል። ዓምዱ ግን ደብዘዝ ባለ ቀለም፣ ምክንያቱ ተጽፎበት ይቆይ፤ አለዚያ ከኮሚቴው አንዱ «ርካሹን ለምን አላያችሁትም?» ማለቱ አይቀርም።

የስላይዱ ርዕስ «የአማራጮች ንጽጽር» ከሚሆን «የፀሐይ ኃይል ይገዛ፤ ሁለት ቀን ይዘልቃል፣ ወጪውም ከጄኔሬተሩ ያንሳል» ቢል ይሻላል። በሠንጠረዡ ውስጥ ከነጥቡ አጠገብ ነጥቡን ያስገኘው እውነታ፣ ማለትም የብሩ መጠን ወይም የባለሙያው ርቀት ይግባ። 4 የሚል ባዶ ቁጥር ብቻውን ለክርክር አይመችም።

ክብደቱ ራሱ የሰው ፍርድ ስለሆነ ከግርጌ አንድ መስመር ይጨመር። በዚህ ምሳሌ ወጪ ወደ 30 ወርዶ ጥገና ወደ 50 ቢወጣ ጄኔሬተሩ 3.3፣ ፀሐዩ 3.2 ያገኛሉ፤ ምርጫው ተገለበጠ ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን ካየ ክርክሩ ከዕቃው ወደ ጥያቄው ይዞራል፦ በዚህ ወረዳ የፀሐይ ኃይል የሚጠግን ሰው በእርግጥ ይገኛል ወይ?