ቪዲዮው ለምን ደበዘዘ?

ከካሜራው ገና የተገለበጠውን የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሙሽራ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጥቁር ሱፉ አመድማ፣ የሙሽራዋ ቬሎ ግራጫ፣ የሁለቱም ፊት ደም የሌለው መስሎ ይታየዋል። ካሜራው ግን አልተበላሸም። «ሎግ» በሚባለው ዘዴ እንዲቀርጽ የታዘዘ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአቆጣጠሩ ነው። የካሜራ ሴንሰር ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩንም እጥፍ ያደርጋል፤ ባለሙያዎች እያንዳንዱን እጥፍ «ስቶፕ» ይሉታል። ባለ 10 ቢት ፋይል ለአንድ ቀለም 1024 ደረጃዎች አሉት። እነዚህ ሴንሰሩ በቆጠረበት መንገድ ቢደለደሉ፣ ከሁሉ የደመቀው ስቶፕ ብቻውን 512ቱን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ያለው 256፣ ከዚያ 128 እያለ ይወርድና ለሰባተኛው 8 ብቻ ይደርሰዋል። የሱፉ ስፌትና እጥፋት ያለው ደግሞ እዚያው ጥላው ውስጥ ነው። ሎግ ድልድሉን ያስተካክላል። ለምሳሌ በሶኒው S-Log3፣ ጥልቁ ጥላ ሲቀር፣ እያንዳንዱ ስቶፕ ወደ 78 ደረጃዎች ያገኛል።

መደብዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። በተለመደው የቴሌቪዥን መለኪያ፣ በRec.709፣ ነጭ ወረቀት ወደ 100 በመቶ ይጠጋል፤ በS-Log3 ግን 61 ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ፀሐይ ላረፈበት ቬሎና ለደመናው የተተወ ነው።

ምስሉን ለዓይን የሚመልሰው «ላት» ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ይህ ቀለም ከገባ ያኛው ይውጣ የሚል ሰንጠረዥ ነው። በብዛት የሚሠራበት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ በኩል 33 33 ነጥቦች ስላሉት በጠቅላላው 35,937 መልሶችን ይይዛል፤ በመካከል የሚወድቀውን ኤዲት ማድረጊያው ከአጠገቡ ካሉት አስልቶ ይሞላል።

ሰንጠረዥ ደግሞ ምስል አያይም። ጨልሞ የተቀረጸውን አያፈካም፤ የሌላ ካሜራ ሎግ ቢገባበትም ዝም ብሎ ይለውጠዋል። ቀድሞውንም የተስተካከለ ቪዲዮ ላይ ከተጫነ ፊቱ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ሱፉም ድፍን ጥቁር። ስህተቱ በዚህ ይታወቃል። ቬሎው ከልክ በላይ ቢደምቅ ብርሃኑ ከላቱ በፊት መቀነስ አለበት፤ ላቱ አንዴ ነጭ አድርጎ የቆረጠውን ጥልፍ ከእሱ በኋላ በማጨለም መመለስ አይቻልም።

8 ቢት ብቻ በሚቀርጽ ካሜራ ሎግ መጠቀምን ግን አልመክርም። እዚያ ያሉት 256 ደረጃዎች ናቸው፤ ለአንድ ስቶፕ የሚደርሰው ወደ 20 ይወርዳል። ላቱ ያንን ሲዘረጋው ጥርት ያለው ሰማይ በመስመር ተሸንሽኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው በተለመደው ቀለም ቢቀርጽ ይሻለዋል።